የኮርስ ጓደኛ እንደ ዋስ

(በነታንያ ለሒሳብ አያያዝ ኮርስ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሒሳብ አያያዝ አይደለም። እርሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ በሙያዬ አስተማሪ ነኝ፤ ላለፉት ዓመታት ግን አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት በየሰፈሩ ሰው በማሰባሰብ ነው። ስለዚህ የምናገረው አሁን በግራና በቀኛችሁ ስለ ተቀመጠው ሰው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አብራችሁ ተቀምጣችኋል፤ ከነገ ጀምሮ ግን ይህ ክፍል ለሌላ ኮርስ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ይህን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። እዚህ አገር የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ስማር በክፍላችን ብዙዎቻችን ከኢትዮጵያ የመጣን ነበርን። ስንመረቅ አብረን ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ተቃቀፍን፣ «አንጠፋፋም» ተባባልን። ፎቶግራፉ ዛሬም ቤቴ አለ። አንዱ ወደ አሽዶድ፣ አንዷ ወደ አፉላ፣ ሌላው ወደ ረሖቦት ሄደ። በሠርግና በለቅሶ ስንገናኝ እንሳሳማለን፣ ስለ ልጆች እንጠያየቃለን፤ «ምን ሥራ ላይ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ግን በደንብ አንጠያየቅም። እንደምታውቁት በእኛ ባህል የሰውን ሥራ መመርመር ነውር ይመስላል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት እናት የልጇን ደብዳቤ ይዛ መጣች። ትምህርት ቤቱ ልጁን ወደ ልዩ ትምህርት ለማዛወር ያስባል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ማንበብ ላይ ብቻ ይደናቀፋል። ቋንቋችንንና ቤታችንን የሚያውቅ፣ የመማር ችግርን መርምሮ የሚጽፍ ባለሙያ ያስፈልገን ነበር። ወራት ፈለግሁ። አላገኘሁም። ልጁ ተዛወረ። በሚቀጥለው ክረምት በአንድ ሠርግ ላይ ከኮሌጅ ጓደኞቼ ከአንዷ ጋር አንድ ጠረጴዛ ደረሰን። እንጀራ እየቆረሰች «እኔ እኮ አሁን አስተማሪ አይደለሁም፤ ተጨማሪ ተምሬ የልጆችን የንባብ ችግር እመረምራለሁ» አለችኝ። የምትሠራው ሐዴራ ነው። ከነታንያ ሐዴራ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ያን ቀን ምግቡ አልወረደልኝም።

ከእርሷ ጋር ተጣልተን አይደለም። እንዋደድ ነበር። የጎደለው ፍቅር አልነበረም፤ የጎደለው አንዱ የሌላውን ሥራ የሚያውቅበት መንገድ ነበር። ዛሬ ስለዚህ መንገድ ነው የምነግራችሁ።

ሽማግሌዎቻችን የሚያስታውሱት አንድ ነገር አለ። በ1955 ሶኽኑት ከቤተ እስራኤል 12 ወጣቶችን ከኢትዮጵያ አምጥቶ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በራዕናና አጠገብ በክፋር ባትያ አስገባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቡድን ተጨመረ። ሐሳቡ ዕብራይስጥና ኦሪት ተምረው፣ መምህራን ሆነው ወደየመንደራቸው እንዲመለሱ ነበር። አብዛኞቹ ተመለሱም። ይሁን እንጂ የተከፈቱላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በገንዘብ እጦት ተዘጉና መምህራኑ ተበተኑ። ሥራው ፈረሰ ማለት ነው። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በኋላ የሱዳን መንገድ ሲከፈት፣ ሕዝቡን በማውጣት ሥራ ከተሰማሩት መካከል እንደ ዚምና በርሃኔና እንደ ባሩክ ተገኝ ያሉ የክፋር ባትያ ልጆችን እናገኛለን። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በዚያ ጊዜ ሊተካ የማይችለው ሀብታቸው ዕብራይስጡ ብቻ አልነበረም። የማን ቃል እንደሚታመን፣ ማን ምስጢር እንደሚጠብቅ ከልጅነታቸው ያውቁ ነበር።

እናንተም ይህን ዕውቀት በዚህ ክፍል ሰብስባችኋል፤ ምናልባት ልብ አላላችሁትም። የማን ደብተር እስከ አጎራ ድረስ እንደሚገጥም ታውቃላችሁ። ማን ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ ማን ያልገባውን «አልገባኝም» ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ማን ደግሞ የጓደኛውን መልስ ገልብጦ እንደሚያሳልፍ ታውቃላችሁ። ይህን በጋዜጣ ማስታወቂያ አይታችሁ አታገኙትም። ዲፕሎማውም አይናገረውም፤ የሁላችሁም ዲፕሎማ አንድ ዓይነት ነው።

በአገራችን እቁብ ስንገባ ዋስ እንጠራለን። ዋሱ ገንዘቡን አይቀበልም፤ ስሙን ግን ያስይዛል። ሰው መላክ ማለትም ይኸው ነው። ደንበኛችሁን «ይህን ሥራ እገሊት ትሥራልህ» ስትሉት ዋስ ሆናችሁላታል። እርሷ ከበላሸች ደንበኛው የሚረሳው የእርሷን ስም ነው፤ የእናንተን ግን ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

አንድ ደብተር ያስፈልጋችኋል። በደብተሩ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይሰጠዋል። ብዙ ቡድኖች ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ የሚጽፉት ግን ስምና ስልክ ብቻ ነው። ስልክ ከማንም ይገኛል። ገጹ ላይ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት «የማልሠራው» የሚለው ነው። ለምን ቢባል፣ አንዱ ለሌላው ሥራ የሚልከው የራሱ ድንበር የት እንደሚያበቃ ሲያውቅ ብቻ ነው። ድንበሩን የማያውቅ ሰው ሁሉንም እራሱ ይሞክራል፤ ደንበኛውም በእርሱ እጅ ይጎዳል።

በእናንተ ሙያ ድንበሩ ግልጽ ነው። አንዳንዶቻችሁ የአንድና ሁለት ደረጃ ፈተና አልፋችኋል። ሁለት ሦስታችሁ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ትቀጥላላችሁ። አንዲቱ የደመወዝ ሒሳብ፣ ትሉሽ የምንለውን፣ ለይታ ለመማር ተመዝግባለች። አንዱ ወንድማችን ደግሞ ዮዔጽ ማስ፣ ማለትም የግብር አማካሪ ለመሆን አስቧል፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ፈተናውም ቀላል አይደለም። በ2005 የወጣው ሕግ ሰውን ወክሎ በግብር ባለሥልጣን ፊት መቆምን ለዮዔጽ ማስ፣ ለሮኤ ሔሽቦንና ለጠበቃ ብቻ ነው የፈቀደው። እናንተ መዝገቡን ትይዛላችሁ፣ ደረሰኙን ታሰናዳላችሁ፤ ክርክር ሲመጣ ግን ለሌላ ታስረክባላችሁ። ስለ ጡረታ የትኛው ኩባንያ ይሻላል ብሎ መምከርም የራሱ ፈቃድ አለው። እነዚህ ሁሉ «የማልሠራው» በሚለው ሥር ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የምትሠሩትን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደምትገኙ፣ ዕብራይስጥ ለማይችል ሽማግሌ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ማስረዳት መቻላችሁን ጻፉ።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ሰው ጉዳይ ላሳያችሁ። ቀደም ባለ ዙር የተመረቀች አንዲት እህት ነበረች። ከደንበኞቿ አንዱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ የቤት ቀለም ቀቢ ነው። ዖሴቅ ፓቱር ሆኖ ብቻውን ይሠራ ነበር። ደረሰኙን በላስቲክ ከረጢት ያመጣላታል፣ እርሷ ትመዘግባለች። ሥራው እየሰፋ ሄደ። ለዖሴቅ ፓቱር የዓመት ገቢ ጣራ አለው፤ በ2025 ጣራው 120,000 ሸቄል ነበር። ጋሼ ወደዚያ ሲጠጋ እህታችን ቀድማ ነገረችው፤ ዖሴቅ ሙርሼ ሆነ፣ በየሁለት ወሩ የማዓም ዘገባ ማቅረብ ጀመረ። እስከዚህ ድረስ የእርሷ ሥራ ነው።

ከዚያ ሁለት ረዳቶች ቀጠረ። አሁን ትሉሽ ማውጣት፣ ከደመወዝ መቀነስ፣ ለቢቱዋሕ ለኡሚ በየወሩ ማሳወቅ፣ ከ2008 ጀምሮ አሠሪን ሁሉ የሚያስገድደውን የጡረታ ክፍያ ማስገባት አለ። እህታችን ደመወዝ አልተማረችም። «ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ምን ይከብዳል» ብላ ልትሞክረው አስባ ነበር፤ ደብተሩ ላይ በገዛ እጇ «ትሉሽ አልሠራም» ብላ ጽፋ ነበርና ተወችው። ይልቁንም ጋሼን ፈቃድ ጠየቀችው። ይህን አትርሱ፤ የሰው ደመወዝና ገቢ የሰው ገመና ነው። «ወረቀቶችህን ለእገሊት ላሳያት?» ሳትሉ ለጓደኛ እንኳ መንገር አይገባም። እሺ ሲላት ከደመወዝ ሠራተኛዋ ጓደኛዋ ጋር ሦስቱም በአንድ ስልክ ተነጋገሩ። ስንት ሠራተኛ እንዳለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተቀጠሩ፣ ምን እንደ ተከፈላቸው በግማሽ ገጽ ጽፋ ላከችላት። ሥራው በሰላም ሄደ።

ያው ሰው፣ ያችው እህት፣ በሌላ ጊዜ ግን እንዲህ ሆነ። ለጋሼ ስላለፈው ዓመት ከማስ ሐክናሳ ደብዳቤ መጣለት። «ገቢህን ይህን ያህል ነው ብለን ገምተናል» የሚል ነው። እንዲህ ያለውን ግምት የማይቀበል ሰው ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ አለበት። ጋሼ ደብዳቤውን ይዞ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። እህታችን ሥራ በዝቶባት ነበር፤ ከበር ላይ ቆማ «ይህ የዮዔጽ ማስ ጉዳይ ነው» ብላ የአንድ ሌላ ጓደኛችንን ስልክ በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። እርሷ ሰው የላከች መሰላት። ጋሼ ደወለ፤ ስልኩ አልተነሣም። ደግሞ መደወል አፈረ። ለእርሷ ተመልሶ መናገሩንም አፈረ። ዮዔጽ ማሱ የማያውቀው ቁጥር ስለ ሆነ መልሶ አልደወለም። እህታችን «ጨርሰዋል» ብላ አሰበች። አርባኛው ቀን ላይ በገበያ ተገናኙና ሲጠይቋት ነው የሁሉም ልብ የደነገጠው።

በቂ ምክንያት ቀርቦ ቀኑ እንዲራዘም መጠየቅ ይቻላልና በመጨረሻ ነገሩ ተስተካከለ። ግን ጋሼ ለሁለት ወር እንቅልፍ አጣ፤ ለዮዔጽ ማሱ የከፈለውም በጊዜው ቢመጣ ኖሮ ከሚከፍለው በለጠ። ማን አጠፋ ብትሉኝ ማንም ክፉ አልነበረም። ስልክ መስጠት ሰው መላክ አይደለም፤ ይኸው ነው ጥፋቱ።

ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ያ ቡድን እንዲህ ተስማማ። ደንበኛው ፊት ተቀምጦ ሳለ ላኪዋ ራሷ ትደውላለች። ቀን የተቆረጠበት ደብዳቤ ከሆነ የመጨረሻዋን ቀን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ትናገራለች፤ ቀኑ ከስምም ከገንዘብም ይቀድማል። ተቀባዩ «ተቀብያለሁ» ወይም «አልችልም» ብሎ በሁለት ቀን ውስጥ ይመልሳል። «አልችልም» ማለት ነውር አይደለም፤ ዝም ማለት ነው ነውሩ። ሥራው ሲያልቅም ተቀባዩ ለላኪዋ አንድ ቃል ይመልስላታል፦ «አልቋል» ወይም «እዚህ ላይ ቆሟል»። ዝርዝሩን መንገር የለበትም። ላኪዋም በደብተሯ ከጻፈችው ስም አጠገብ ምልክት ታደርጋለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምልክት ያልተደረገበት ስም ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ መደወል ያለባት እርሷ ናት። እላችኋለሁ፣ መተማመን የሚገነባው በዚያች በተመለሰችው አንድ ቃል ነው። ቃሉ ያልተመለሰላት ላኪ ሁለተኛ ሰው አትልክም፤ ለምን እንዳቆመችም አትናገርም።

አሁን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ላንሣ፦ ደንበኛዬን ብትወስድብኝስ? ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ሳቅ የሚያስነሣ ጥያቄ አይደለም፤ በወር ጥቂት መቶ ሸቄል የሚከፍል ደንበኛ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ያየሁት መድኃኒት አንድ ነው። ተቀባዩ የተላከለትን ሥራ ብቻ ይሠራል። ደንበኛው «መዝገቤንም አንቺው ያዥልኝ» ካላት መልሷ «እገሊትን አስቀድሜ ላነጋግራት» ነው። ደንበኛው የማንም ንብረት አይደለምና ሊሄድ ይችላል፤ ግን በጀርባ አይሄድም።

ስለ ኮሚሽን ይጠይቁኛል። እኔ በኮርስ ጓደኞች መካከል በአንድ ሰው ይህን ያህል መቶኛ መከፋፈልን አልወድም። ገንዘብ ከገባበት ሰው የሚላከው ጎበዝ ወደ ሆነው ሳይሆን ብዙ ወደሚከፍለው ነው። ከጠበቃ ጋር ከሆነ ደግሞ ጭራሹን አይቻልም፤ ጠበቃ ከሥራው የሚያገኘውን ጠበቃ ላልሆነ ሰው እንዳያካፍል ሕግ ይከለክለዋል። ከዚያ ይልቅ ሁላችሁም በየወሩ ትንሽ ነገር፣ ሃያ ወይም ሠላሳ ሸቄል፣ በአንድ ሣጥን ብታስገቡ ይሻላል። በእናንተ ሙያ በየጥር ወር ቁጥሮች ይለወጣሉ። በጥር 2025 ማዓም ከ17 ወደ 18 በመቶ ሲያድግ፣ ያን ቀን ያልሰሙ ሰዎች በድሮው ሒሳብ ደረሰኝ ቆርጠዋል። ከሣጥኑ ለአንድ ሰው የትምህርት ቀን ይከፈልለት፤ እርሱም መጥቶ ለሌሎቹ ያስተምር። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ይሂድ።

አንድ ከባድ ነገር ቀረኝ፤ ይሉኝታ። እድር ሁሉን እኩል ያለቅሳል። የጎበዙም የሰነፉም ቤት ድንኳን ይተከላል፣ እንዲህም መሆን አለበት። ዋስነት ግን እንደ እድር አይደለም። ከእናንተ መካከል ወረቀት የምትጥል፣ ቀን የምታሳልፍ ልትኖር ትችላለች። ልጇን ስትድር አብራችሁ ወጥ ሠርታችኋል፣ «ባልልክላት ምን ትለኛለች» ትላላችሁ። ከዚያ ሰው ትልካላችሁ፤ የምትጎዳው ደግሞ ዕብራይስጥ የማታነብ አንዲት እማማ ትሆናለች። ይህን አታድርጉ። ግን ዝም ብላችሁም አትራቋት፤ በእኛ ዘንድ ዝምታ ቅጣት ነው፣ የተቀጣችው ደግሞ ጥፋቷን አታውቅም። ለብቻዋ ቡና ጠርታችሁ «ባለፈው የላክሁልሽ ሰው ሦስት ጊዜ ደውሎልሽ አላገኘሽም» በሉ። የሆነውን ብቻ ተናገሩ፣ ስለ ጠባይዋ አትናገሩ። ቀጥሎ ቀን ያልተቆረጠበት ቀላል ሥራ ላኩላትና እዩ። አንዳንዱ ሰው ልጅ ታሞበት ነው፣ አንዳንዱ ሥራውን ስላልቻለው ነው። ሁለቱ በጭራሽ አንድ አይደሉም፤ ሳይጠይቁ መለየትም አይቻልም።

በዚህ ሙያ ሥራ የማታገኙም ትኖራላችሁ። በዚህ ክፍል ውስጥ ወደ ፋብሪካው የምትመለስ፣ ወደ ጽዳት የምትመለስ ትኖራለች። ቡድኖች የሚፈርሱት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ያልተሳካላት ታፍራለች፣ ከስብሰባ ትቀራለች፣ የተሳካላቸውም እንዳያሳፍሯት ብለው መጥራት ይተዋሉ። እኔ የማውቃቸው ቡድኖች ብዙ ደንበኛ ያገኙት ከእንዲህ ያለችው እህት ነው። ፋብሪካው ውስጥ በዓመት ሁለት ሥራ የሠሩ፣ በመካከል ሥራ ያጡ፣ ከደመወዛቸው ከሚገባው በላይ ግብር የተቆረጠባቸው ሰዎች አሉ። የግብር ተመላሽ እስከ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ለምሳ እረፍት የምትነግራቸው፣ ወደ እናንተም የምትልካቸው እርሷ ናት። ስለዚህ ገጿ ከደብተሩ አይቀደድ።

ስለ መገናኘት ረጅም አልናገርም። ዋትስአፕ መክፈታችሁን ሰምቻለሁ፤ ጥሩ ነው፣ በሦስት ወሩ ግን የበዓል አበባ ብቻ ይሆናል። በየወሩ በአንዱ ቤት ቡና ይፈላ፤ ማንም ባይመጣ ሁለት ሰው ይበቃል። ቡናው ላይ እያንዳንዱ ያስቸገረውን አንድ ነገር፣ የደንበኛውን ስም ሳይጠራ፣ ያቅርብ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ካለፉ ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱትን ደግሞ በሲግድ ቀን በኢየሩሳሌም ታገኟቸዋላችሁ። ሁላችንም ለማንኛውም እዚያ ነን። ከጸሎቱ በኋላ የት እንደምትሰበሰቡ አሁን ተስማሙ፤ ያን ቀን በዚያ ሕዝብ መካከል በስልክ እየተፈላለጉ መገናኘት እንደማይቻል ታውቁታላችሁ።

ደብተሩን ገዝቼ አምጥቻለሁ፤ ይኸው። ከፊተኛው ረድፍ ይጀመር። ስልካችሁን በመጨረሻ ትጽፋላችሁ፤ አስቀድማችሁ የማትሠሩትን ጻፉ። ኬኩ እስኪቆረስ ድረስ ጊዜ አለን፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ሳይጽፍ የሚወጣ የለም።